ኪኩ የጠፋበት ግማሽ ደቂቃ

የመጀመሪያውን የዳንስ ሙዚቃዬን ለሰው ያሰማሁት አንድ ጓደኛችን ልደቱን ባከበረበት ሳሎን ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ሶፋው ወደ ግድግዳው ተገፍቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ሃያ የምንሆን ሰዎች እየጨፈርን ነው። ተራዬ ደርሶ ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። ሙዚቃው እየተወጠረ፣ ድምፁ እየጨመረ ሲመጣ ሰው እጁን አነሳ። ቀጥሎ ውጥረቱ የሚፈነዳበት፣ በሙያው ሰዎች አፍ «ድሮፕ» የሚባለው ቦታ ደረሰ። ሰው እጁን አወረደ። አንዷ ብርጭቆዋን ፍለጋ ሄደች፤ አንዱ ስልኩን አወጣ።

ቤቴ ስገባ ሳልተኛ ድሮፑን እንደ አዲስ ልሠራው ተቀመጥኩ። ኪኩን አከበድኩት፣ ቤዙን ጨመርኩት፣ ሌላ ሲንተሳይዘር ደረብኩበት። ጭራሽ ባሰበት። በማግስቱ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ አንድ ወዳጄ ሁለት ጊዜ አዳመጠውና «ድሮፑ እኮ ምንም አልሆነም፤ ያበላሸኸው ከሱ በፊት ያለውን ግማሽ ደቂቃ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲገባን ከመሠረቱ፣ ከኪኩ እንነሳ።

ኪክ ማለት ድራመሩ በእግሩ የሚመታው ትልቁ ከበሮ ነው። ሙዚቃችን በአራት በአራት ምት የሚቆጠር ከሆነ፣ በሮክም ሆነ በብዙ የፖፕ ዘፈኖች ኪኩ አንድ ላይና ሦስት ላይ ይመታል፤ ሁለትና አራት የስኔሩ ድርሻ ናቸው። በዳንስ ሙዚቃ ግን ኪኩ አራቱንም ይመታል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ፈረንጆቹ «ፎር ኦን ዘ ፍሎር» ይሉታል። ጨፋሪው የትኛው ምት ላይ እንዳለ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ከበሮው ይቀበለዋል።

ይህ አመታት ከኮምፒውተር በፊት የመጣ ነው። የፊላደልፊያው ድራመር ኧርል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ሃሮልድ ሜልቪን ኤንድ ዘ ብሉ ኖትስ በተባለው ቡድን ዘፈን፣ በ«ዘ ላቭ አይ ሎስት»፣ ላይ ኪኩን አራቱም ምት ላይ እየመታ፣ በምቶቹ መካከል ደግሞ ሃይ ሃቱን እየከፈተ ተጫወተው። ሃይ ሃት ማለት እንደ ሁለት ክዳን ፊት ለፊት የተገጠሙት፣ በእግር ፔዳል የሚከፈቱና የሚዘጉት ትናንሽ ሲምባሎች ናቸው። ዲስኮ የተባለው ሙዚቃ አብዛኛው ጉልበቱ ከዚህ አመታት የመጣ ነው። ዲስኮ ከፋሽን ሲወጣ አመታቱ አልሞተም። እነ ፍራንኪ ነክልስ በቺካጎ ክለቦች ይዘውት ቆዩ። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1983 ያወጣው «ቲአር 909» የተባለ የከበሮ ማሽን እነሱ እጅ ሲገባ «ሃውስ» የምንለው ሙዚቃ ዋና መሣሪያውን አገኘ። ዛሬ በማንኛውም የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የከበሮ ፎልደር ብትከፍቱ የዚያን ማሽን ኪክና ሃይ ሃት ታገኛላችሁ።

ወደ እኔው ሥራ ልመለስ። ፍጥነቱን በደቂቃ 128 ምት ላይ አደረግኩት። ሃውስ ከሞላ ጎደል ከ120 እስከ 130 ባለው ውስጥ ይኖራል፤ 128ን የመረጥኩት ግን ሒሳቡ ስለሚቀል ነው። አራት ምት አንድ ባር ይሆናል፤ 8 ባር ልክ 15 ሰከንድ፣ 16 ባር ልክ ግማሽ ደቂቃ ነው። በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ወደ 469 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ጊዜ አለ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ይፈለጋል።

ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ኪክ ውስጡ ሲታይ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም አጭር «ጠቅ» የሚል ድምፅ አለ፤ ጆሮ ምቱ መቼ እንደጀመረ የሚያውቀው በዚህ ነው። ተከትሎት የሚመጣው አካሉ ነው፤ ከ200 ሄርዝ አካባቢ ተነስቶ በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ ወደ 50 ሄርዝ የሚወርድ፣ ደረት የሚመታ ወፍራም ድምፅ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኪኩ ግዙፍ እንዲሆንለት ሲል ርዝመቱን ይጨምራል። በሁለት ኪኮች መካከል ያለው 469 ሚሊ ሰከንድ ነው ብለናል። ኪኩ 450 ሚሊ ሰከንድ ከጮኸ አንዱ ከማለቁ ሌላው ይደርሳል፤ ምት መሆኑ ቀርቶ እንደ ጄነሬተር የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሆናል። የእኔን 280 ላይ ቆረጥኩት። ኪኩ ረዝሞ እንደሆነ በዓይንም ይታያል፤ የድምፁን ስዕል ስታሰፉት በኪኮቹ መካከል ባዶ መስመር ከሌለ ረዝሟል።

ሌላው ማጣሪያ ስልክ ነው። የስልክ ስፒከር 50 ሄርዝን ማውጣት አይችልም፤ የሚተርፈው ያ «ጠቅ» ብቻ ነው። በስልክ ስትሰሙት ምቱ ጨርሶ ከጠፋ «ጠቁ» አንሷል ማለት ነው። እኔ ሙዚቃዬን ለብዙ ሰው የምልከው በቴሌግራም ስለሆነ ይህን ፈተና አልዘለውም።

ኪኩ ከተቀመጠ በኋላ ሃይ ሃቱ ይመጣል። አንዱን ባር አሥራ ስድስት ቦታ ከከፈልነው እንዲህ ይቀመጣል፦

```
ኪክ      ●---●---●---●---
ጭብጨባ   ----●-------●---
ሃይ ሃት   --●---●---●---●-
```

ሃይ ሃቱ ከኪኩ ጋር አንድም ቦታ እንደማይገናኝ አስተውሉ። በሁለት ኪኮች ልክ መካከል፣ ከኪኩ 234 ሚሊ ሰከንድ ቆይቶ ይወድቃል። ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን በእኩል ፍጥነት መሬት ምቱ፤ እግራችሁ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ «ጽ» በሉ። ዱብ–ጽ፣ ዱብ–ጽ። ኪኩ እግርን ወደ ታች ይስባል፣ ሃይ ሃቱ ወደ ላይ ያነሳዋል። ኪኩን ብቻ አድርጋችሁ ብታጫውቱት ሰልፍ ነው የሚመስለው። ሃይ ሃቱ ሲገባ ሰልፉ ጭፈራ ይሆናል።

እዚህ ቦታ የሚቀመጠው የተከፈተው፣ «ጽሽሽ» የሚለው ሃይ ሃት ነው። በእውነተኛው ድራም ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱ ሲምባሎች ተገጣጥመው ድምፁ ድንገት ይቆረጣል። 909 ላይም የተዘጋው ሲመታ የተከፈተውን ያቋርጠዋል። በፕሮግራማችሁ ውስጥ ሁለቱን በዚህ መልክ ካላስተሳሰራችኋቸው አንዱ በሌላው ላይ ይጮኽና ጆሮ የሚያደክም ፉጨት ይሆናል። መጠኑንም አብዛኛው ሰው ያበዛዋል። የእኔ ዘዴ ቀላል ናት፦ ድምፁን ወደ ዜሮ አወርድና ቀስ እያልኩ ከፍ አደርገዋለሁ፤ እንዳለ ካወቅኩ በቂ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ላስቀምጥ። ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን ካወጣ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ ዳንስን ከሀገርኛ ዜማ ጋር ማዋሃድ የሚሞክር ወጣት በዝቷል፤ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት ሃይ ሃቱ ላይ ነው። የእኛ ችክችካ እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍላል፤ ከላይ ያየነው ሰንጠረዥ ግን ምቱን በሁለትና በአራት ነው የሚከፍለው። የችክችካ ዘፈን ሥር አራቱን ኪክ መደርደር ያስኬዳል፣ ይገጥማል። ሃይ ሃቱን ግን ልክ መካከል ላይ ካስቀመጣችሁት ከሦስቱ አንዱ ላይም አይወድቅም፤ ከዘፈኑ ጋር ሲጋፋ ይሰማል። መፍትሔው ወደ ሦስተኛው ክፍልፋይ መግፋት ነው። ያኔ ዱብ–ጽ መሆኑ ይቀርና ዱብ–– ጽ–ዱብ–– ጽ–ዱብ ይሆናል፤ እስክስታ የሚወርድበት መንገድም ይከፈታል። ቅንፉን ዘጋሁ።

ከኪኩ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ቤዙ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት እዚያው ታች፣ ከ50 እስከ 100 ሄርዝ ባለው ሰፈር ነው። አንድ ላይ ሲጮኹ ሁለቱም ይደበዝዛሉ። መላው «ሳይድቼይን» ይባላል፦ ኮምፕሬሰር የተባለው መሣሪያ ቤዙ ላይ ይቀመጥና ኪኩን እያዳመጠ፣ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙን ዝቅ አድርጎ ወዲያው መልሶ ይለቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ከወንበር ተነስቶ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው። ቁም ነገሩ ቤዙ ተመልሶ የሚነሳበት ፍጥነት ላይ ነው። እኔ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አደረግኩት፤ ሃይ ሃቱ 234 ላይ ስለሚወድቅ ቤዙ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ የሚደርሰው ከሃይ ሃቱ ጋር ነው። ሙዚቃው ሁሉ በኪኩ እየወረደ በሃይ ሃቱ እየተነሳ የሚተነፍስ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። 400 ብታደርጉት ቤዙ ተነስቶ ሳይቆይ ቀጣዩ ኪክ ይደፍቀዋል፤ «ቤዜ የት ገባ?» የምትሉት ያኔ ነው።

እስካሁን የሠራነው ሁሉ በአንድ ባር ውስጥ የሚያልቅ ነው። ዙሩን አምስት ደቂቃ ብንደግመው ማንም አይሰማውም። ስለዚህ በስምንት በስምንት ባር ይታነጻል። መግቢያው ዲጄው ከቀደመው ሙዚቃ ጋር እንዲያያይዘው ከበሮ ብቻ የሆነ 16 ባር ነው። ቀጥሎ ቤዙና ዜማው ይገባሉ፤ ከዚያ ሙዚቃው ይሳሳል፣ ከዚያ መወጠሪያው፣ እነሱ «ቢልድ አፕ» የሚሉት ይመጣል። በመጨረሻ ድሮፑ። ለምን ስምንት? ጆሯችን ለምዶት ነው። ለውጡን ሰባተኛው ባር ላይ ብታመጡት፣ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው እንኳ ደረጃ ሲወርድ አንድ እንደሳተው ይሰማዋል።

አሁን ወዳጄ ወደጠቆመኝ ግማሽ ደቂቃ ደርሰናል። መወጠሪያዬ 16 ባር ነበር። ኪኩን አውጥቼዋለሁ፤ ይሄ ልክ ነው። በኪኩ ቦታ የስኔር ምት ገባ፦ በመጀመሪያው 8 ባር በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ፣ በሚቀጥለው 4 ባር ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ለ2 ባር አራት ጊዜ፣ በመጨረሻዎቹ 2 ባሮች ስምንት ጊዜ። የሙዚቃው ፍጥነት ሳይነካ የሮጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከጀርባው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ሹክሹክታ ከታች ተነስቶ እየቀጠነ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከዩቲዩብ ተምሬ ነው የሠራሁት፤ በደረጃ ስታዩት እንከን የለውም።

ወዳጄ መጀመሪያ ያሳየኝ ሜትሩን፣ የድምፁን መጠን የሚያሳየውን አረንጓዴና ቀይ መስመር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ዜሮ ዴሲቤል ይባላል፣ ከሱ በላይ የለም። የእኔ መወጠሪያ አሥራ ስድስተኛው ባር ላይ ሲደርስ ጣሪያውን ነክቶ፣ ሊሚተር የተባለው መቆጣጠሪያ ጨፍልቆ ይዞት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ድሮፕ ወዴት ይወጣል? መሄጃ የለውም። እኔ ደግሞ በዚያ ሌሊት ድሮፑ ላይ በጨመርኩ ቁጥር ሊሚተሩ ይበልጥ እየጨፈለቀ ያሳንሰው ነበር።

ቀጥሎ ሹክሹክታውንና ሲንተሳይዘሩን ለብቻቸው ከፍቶ አሰማኝ። ታች፣ ቤዙ ሰፈር፣ አሁንም ድምፅ አለ። ኪኩን አውጥቻለሁ እንጂ ቦታውን ባዶ አላደረግኩትም። ክፍሉ ለግማሽ ደቂቃ ወፍራም ድምፅ ካልናፈቀው ሲመለስ ማን ልብ ይለዋል?

ሦስተኛው ለኔ በጣም ያሳፈረኝ ነው። ከድሮፑ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን አንድ ምት ዝም አሰኝቻት ነበር። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ትንፋሽ የምትያዘው እዚያ ላይ ነው። ወዳጄ የድምፁን ስዕል አሰፍቶ አሳየኝ። ዝም ያለች ያልኳት ምት ሞልታለች። ስኔሩ ላይ የጨመርኩት የአዳራሽ ማሚቶ መሳሪያው ከቆመ በኋላም ሁለት ሰከንድ ሙሉ እየጮኸ ድሮፑ ላይ ፈሶበታል። ዝምታው 469 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ማሚቶው አራት እጥፉ።

ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። መጀመሪያ ድሮፑ ላይ በዚያ ሌሊት የደረብኩትን ሁሉ አነሳሁ። ከዚያ የመወጠሪያውን መጠን ከመጀመሪያው ባር እስከ አሥራ ስድስተኛው ቀስ በቀስ 3 ዴሲቤል እንዲወርድ አደረግኩት። አዎ፣ እንዲወርድ። ስኔሩ እየተጣደፈ፣ ሹክሹክታው እየቀጠነ ስለሚሄድ ጆሮ ከፍ እያለ ነው ብሎ ያምናል፤ ሜትሩ ግን ይወርዳል። ሁሉም ነገር ላይ ታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር አስቀምጬ መቁረጫውን ከ30 ሄርዝ ወደ 300 ቀስ እያልኩ አነሳሁት፤ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው በጎረቤት ሬዲዮ እንደሚሰማ ቀጥኖ ቀረ። በግራና በቀኝ የተዘረጋውንም ድምፅ ወደ መሃል ሰበሰብኩት፤ ድሮፑ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። የማሚቶውን መጠን በመጨረሻዋ ምት ላይ ወደ ዜሮ ጣልኩት። የድሮፑን የመጀመሪያ ኪክ ብቻውን፣ ከአንድ ትልቅ ሲምባል ጋር አስቀመጥኩት፤ ቤዙ ከእሱ ቀጥሎ ሃይ ሃቱ ላይ ይገባል።

ይህ ዘዴ ገደብ አለው። በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ሦስተኛው ላይ ሰው ይገምተዋል። ሁለተኛውን መወጠሪያ 8 ባር ያደረግኩት ለዚህ ነው፤ አሥራ ስድስት የለመደ ጆሮ ሳይዘጋጅ ድሮፑ ይደርስበታል። ዝምታውንም ላርዝመው ብዬ አንድ ሙሉ ባር ሞክሬ ነበር። ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ ግን ዲጄው ስህተት የሠራ ይመስላል።

ጠግኜ የጨረስኩ ቀን ከሰዓት፣ በትልቁ ስፒከር ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥኩት። የምኖረው ከአከራዬ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙን አያስቀረውም። ስለዚህ እማማ ከሙዚቃዬ የሚደርሳቸው ኪኩ ብቻ ነው፤ ዜማውን፣ ሃይ ሃቱን፣ ሹክሹክታውን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም።

በሩ ተንኳኳ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ድምፁን ቀነስኩና ከፈትኩ።

«አንተ ልጅ፣ መብራት አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ እማማ። ምነው?»

«ያ ዱብ ዱብ የሚለው ነገርህ ቀጥ ሲል ጊዜ ሄደ ብዬ፣ ሻማ ልፈልግ ከመደቡ ተነሳሁ። መሳቢያውን ስከፍት መልሶ ዱብ! ክው አልኩልህ እኮ፣ ሻማው ከእጄ ወደቀ።»